ፍርሃት ሽማግሌ ሆኖ ሲመጣ

ሁለት ወንዶች በአንድ የመተዋወቂያ ድረ ገጽ ላይ ስለራሳቸው ጽፈዋል እንበል። ሁለቱም ሥራቸውን ይወዳሉ። አንዱ ሥራው ጊዜውን ቢሻማውም ለሚወዳት ሴት የሚሆን ሰዓት እንደማያጣ ይናገራል። ሌላው ደግሞ ሥራውን የምታከብርለት፣ ሥራ ሲመጣም ወደ ጎን ብላ የምትጠብቀው ሴት እንደሚፈልግ ያስታውቃል። የሁለቱን ጽሑፍ ጎን ለጎን ላነበበ ሰው ልዩነቱ የሚሰወር አይመስልም።

በወቅቱ በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪ የነበሩት ስቴፋኒ ስፒልማን ከባልደረቦቻቸው ጋር እንዲህ ያሉ መግለጫዎችን አዘጋጅተው ለሰዎች አሳዩ። አስቀድመው ግን የእያንዳንዱን ሰው አንድ ነገር ለክተው ነበር፤ ያለ አጋር የመቅረት ፍርሃቱን። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው ጥናታቸው እንዳሳየው፣ ይህ ፍርሃት የበረታባቸው ሰዎች ለሌላው ስሜት ግድ ለሌለው ሰው ከሌሎቹ የበለጠ ፍላጎት አሳይተዋል። ፍርሃቱ ያላየለባቸው ሰዎች ገሸሽ ያሉትን ሰው እነሱ «እስቲ ልሞክረው» አሉት ማለት ነው።

መለኪያው ስድስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ነው የያዘው። መላሹ በእያንዳንዱ ምን ያህል እንደሚስማማ በቁጥር ያስቀምጣል። ዕድሜዬ በገፋ ቁጥር ሰው ማግኘት እየከበደኝ ይሄዳል ብሎ ያስባል ወይ? ለእኔ የሚሆን ሰው ጭራሽ ላይኖር ይችላል የሚለው ሐሳብ ያስደነግጠዋል? ብቻዬን ብቀር አንድ የጎደለኝ ነገር ስላለ ነው ብሎ ራሱን ይወቅሳል? የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ ልብ ሊባል ይገባል። ብቸኝነት ከባድ መሆኑን ሳይሆን፣ ብቸኝነት የሰውየው ዋጋ ማነስ ማስረጃ ሆኖ ይታየው እንደሆነ ነው የሚጠይቀው።

አማርኛ ለዚህ ጥያቄ የራሱ የሆነ ስለታም መልስ አለው። ያላገባ ወንድ «ወንደላጤ» ይባላል፤ ቃሉ የተዝረከረከ ቤትና ያልታጠበ ድስት ያስታውስ ይሆናል እንጂ ብዙም አይጎዳም። ለሴቷ የተዘጋጀው ቃል «ቆሞ ቀር» ነው። ይህ ሰው ሳይሆን ሁሉም ጥሎት የሄደ ዕቃ ነው የሚመስለው። ምርቃታችንም ቢሆን ትዳርን «ወግ ማዕረግ» ይለዋል። «ለወግ ማዕረግ ያብቃሽ» የምትል እናት በፍቅር ነው የምትመርቀው፤ የምትመረቀው ልጅ ግን እስካሁን ያለችበት ሕይወት ወግም ማዕረግም የሌለው መሆኑን አብራ ትሰማለች። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው ከ25 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች ግማሾቹ ያገቡት 17 ዓመት ገደማ ሳሉ ነው። በአዲስ አበባ ዕድሜው ከዚህ በብዙ ዓመት ይዘገያል። ስለዚህ የሠላሳ ዓመቷ የከተማ ሴትና በ17 ዓመቷ የተዳረችው አክስቷ የሚነጋገሩት በሁለት የተለያዩ የዕድሜ መቁጠሪያዎች ነው። አክስቲቱ ስለ ልጅቱ የምትሰጋው ክፋት ኖሮባት አይደለም፤ በራሷ መቁጠሪያ ሰዓቱ አልፏል።

ፍርሃቱ የሴት ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ አንባቢ ቢኖር የቶሮንቶው ጥናት አያግዘውም። ወንዶቹም ሴቶቹም ተመሳሳይ ስጋት ነበራቸው። የሚፈሩትንም ሲጠየቁ አብሮ የሚኖር ሰው ማጣትን፣ ብቻ ማርጀትን፣ ልጅና ቤተሰብ ሳያገኙ መቅረትን፣ ዋጋ ቢስነት መሰማትን፣ የሰው ዓይንን ጠቅሰዋል።

ፍርሃቱ ሥራውን የሚሠራው በአንድ ጊዜ አይደለም፤ ቢያንስ በሦስት በሮች ይገባል። ለማሳየት ያህል አንዲት ሴት በምናብ እንፍጠር። የ31 ዓመት ሴት ናት፤ በአንድ ባንክ በሒሳብ ሥራ ላይ ትሠራለች፤ ከታናሽ እህቷ ጋር በተከራየችው ቤት ትኖራለች። እህቷ ባለፈው ጥር አግብታ ወጥታለች። ከሰርጉ በኋላ በሁለተኛው ወር አንድ ሰው ተዋወቀች።

የመጀመሪያው በር ምርጫው ነው። ሰውየው ጨዋታ አዋቂ ነው፤ ነገር ግን በሦስት ቀጠሮ ሁለቱን አርፍዶ መጥቷል፤ ስለ ሥራዋም አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቃትም። ከሁለት ዓመት በፊት ቢሆን ኖሮ አራተኛውን ቀጠሮ አትቀበልም ነበር። አሁን ግን «ሥራ ስለሚበዛበት ነው» አለች፤ ለጓደኞቿም ይህንኑ አስረዳች። ስፒልማን ባደረጉት አንድ ሌላ ሙከራ ሰዎች በአንድ ምሽት ከብዙዎች ጋር ለጥቂት ለጥቂት ደቂቃ እየተቀመጡ ከተዋወቁ በኋላ አድራሻቸውን ለማን መስጠት እንደሚፈልጉ ተጠየቁ። የሚፈሩት ሰዎች ለብዙዎች ሰጡ፤ ወንፊታቸው ሰፊ ነበር። የሚያስደንቀው ግን ሌሎቹ ለእነሱ ያሳዩት ፍላጎት ከማንም ያነሰ አልነበረም። ማለትም የሚፈሩት የማይፈለጉ ስለሆኑ አልነበረም። ያችን የባንክ ሠራተኛ የሚከጅላት ሰው አልጠፋም፤ የጠፋው የእሷ «አይሆንም» ነው።

ሁለተኛው በር መቆየቱ ነው። ስምንት ወር አለፈ። ቤተሰቦቹን አላስተዋወቃትም፤ በዓል በመጣ ቁጥር ከከተማ ይወጣል፤ ስለ ወደፊት ስታነሳ ወሬውን ያዞረዋል። ደስተኛ እንዳልሆነች ራሷም ታውቃለች። ጥናቱ አጋር ያላቸውን ሰዎች ለተወሰነ ጊዜ ሲከታተል፣ ባለው ግንኙነት ብዙም እርካታ ከሌላቸው ሰዎች መካከል ፍርሃቱ የበረታባቸው ግንኙነቱን ራሳቸው የማቋረጥ ዕድላቸው አነስተኛ ሆኖ ተገኝቷል። እንዲያ ያሉት ሰዎች መጥፎነቱን ስላላዩ አይደለም የሚቆዩት። ሚዛኑ ላይ ያስቀመጡት ይህን ሰው ከሌላ የተሻለ ሰው ጋር ሳይሆን ከባዶ ቤት ጋር ነው። ባዶው ቤት ደግሞ አስፈሪ ከሆነ፣ ከሱ ጋር የተመዘነ ሁሉ ይከብዳል።

ሦስተኛው በር መመለሱ ነው። በመጨረሻ እሱ ራሱ ተወት። በአሥረኛው ቀን ማታ፣ እህቷ ስለ እርግዝናዋ ደውላ ከነገረቻት በኋላ፣ ስልኳን አንስታ «እንዴት ነህ?» ብላ ጻፈችለት። ስፒልማን እና ባልደረቦቻቸው ይህንንም ከዓመታት በኋላ አጥንተውታል፤ ከቀድሞ ፍቅረኛቸው በቅርቡ የተለዩ ሰዎች የየዕለት ስሜታቸውን እንዲመዘግቡ አድርገው። ፍርሃቱ ከፍ ባለባቸው ቀናት ናፍቆቱም አብሮ ይወጣል፤ ለመታረቅ መሞከሩም እንዲሁ። ይህ ግኝት አንድ ተግባራዊ ጥያቄ ይሰጣል፤ ያ ማታ የናፈቃት ሰውየው ነው ወይስ ሰው? መልሱን ለማወቅ አንዱ መንገድ ናፍቆቱ መቼ መቼ እንደሚመጣ ማየት ነው። እሱን የሚያስታውስ ዘፈን ሲሰማ ከሆነ አንድ ነገር ነው፤ የሌላ ሰው የሰርግ ጥሪ ወረቀት ሲደርስ ብቻ ከሆነ ግን ሌላ።

እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው የሚሰጣት ምክር ይታወቃል፤ «መጀመሪያ ራስሽን ውደጂ»። ምክሩ ከውጭ መጽሐፍ ተተርጉሞ የገባ ይመስላል፤ ምክንያቱም በአማርኛ «ራስ ወዳድ» ስድብ ነው። አንድ ሰው ራሱን ወደደ ከተባለ ሌላውን ረሳ ማለት ነው። ቋንቋው በከፊል ልክ ሳይሆን አይቀርም።

አሜሪካውያኑ ኪት ካምቤል፣ ክሬግ ፎስተር እና ኢላይ ፊንከል እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት ራስን መውደድ ሌላውን ወደ መውደድ ያደርሳል ወይ ብለው ጠይቀዋል። ሁለት ዓይነት «ራስን መውደድ» ለይተው ተመለከቱ። አንዱ ናርሲሲዝም የሚባለው ነው፤ ራስን ከሌላው አስበልጦ ማየትና አድናቆትን መራብ። ሌላው ለራስ ያለ ጤናማ ግምት ነው። ናርሲሲዝም ያየለባቸው ሰዎች ፍቅርን እንደ ጨዋታ ነበር የሚይዙት፤ ልብ ይሰቅላሉ፣ ቁርጥ ያለ ነገር አይናገሩም፣ የበላይነቱን በእጃቸው ያቆያሉ። ለራሳቸው ጤናማ ግምት ያላቸው ሰዎች ግን ይህ ባሕርይ አልታየባቸውም። የባንክ ሠራተኛዋን በበዓል ጥሎ የሚሄደው ሰው ራሱን አልጠላም፤ በቋንቋችን አነጋገር ራሱን በደንብ ይወዳል።

ታዲያ እሷ የሚያስፈልጋት የትኛው ነው? በመስታወት ፊት ቆሞ «አንቺ ንግሥት ነሽ» ማለት እንዳልሆነ መናገር ይቻላል። በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በኦስቲን የሚያስተምሩት ክሪስቲን ኔፍ ከሃያ ዓመት በላይ ያጠኑት ነገር ለራስ ማዘን፣ ወይም ለራስ መራራት ነው። ሦስት ነገሮች አሉት። ሲሳሳቱ ወይም ሲጎዱ ራስን ከመገሥጽ ይልቅ ለራስ ደግ መሆን፤ ውድቀቱ የሰው ልጅ ሁሉ እንጂ የእኔ ብቻ አይደለም ብሎ ማየት፤ ስሜቱን ሳያጋንኑም ሳይደብቁም እንዳለ ማወቅ። በራስ ከመኩራት የሚለየው፣ ከማንም መብለጥን ስለማይጠይቅ ነው። ሰው ሲሳካለት ሳይሆን ሳይሳካለት የሚፈተን ነገር ነው።

ወደ ያች ማታ እንመለስ። መልእክቱን ላከች፤ እሱ አነበበውና አልመለሰም። በማግስቱ ቢሮ ተቀምጣ ለራሷ የምትለው «ደደብ፣ ክብር የለሽ፣ ለዚህ ነው ማንም የማይፈልግሽ» ነው። ይህንኑ የሠራችው የቅርብ ጓደኛዋ ብትሆን ኖሮ ምን ትላት ነበር? ምናልባት «እህትሽ በነገረችሽ ማታ ነው የጻፍሽው፤ ከፍቶሽ ነበር፤ ሁላችንም አንድ ማታ ጽፈናል፤ አሁን ቁጥሩን አጥፊው» ትላት ነበር። ሁለተኛው አነጋገር ስህተቱን አይክድም። እንዲያውም ቁጥሩን አጥፊ የሚለው ትእዛዝ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ግን ፍርሃቱን ይመግባል፤ ማንም የማይፈልገው ሰው ነኝ ብሎ ያመነ፣ ቀጥሎ የመጣውን ማንንም ሰው አይመርጥም፤ ይቀበላል።

ይህ ከጋብቻ ጋር ምን ያገናኘዋል? ኔፍ እና ናታሻ ቤሬትቫስ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት 104 ጥንዶችን ጠይቀው ነበር። ብልሃቱ ሰውየውን ስለራሱ ብቻ አለመጠየቃቸው ነው፤ አጋሩን ስለ እሱ ጠየቁ። ለራሳቸው የሚራሩ ሰዎች በአጋሮቻቸው አንደበት ይበልጥ አፍቃሪ፣ ተቀባይና ለአጋራቸው ነጻነት የሚሰጡ ተብለው ተገለጹ። ለራሳቸው የማይራሩት ደግሞ የሚቆጣጠሩ፣ የሚሸሹና በቃል የሚጎዱ ሆነው ተገኙ። ምክንያቱን መገመት አያዳግትም። በተሳሳተ ቁጥር ራሱን የሚቀጣ ሰው፣ ሚስቱ «ትናንት የተናገርከኝ አሳዘነኝ» ስትለው የሚሰማው የእሷን ኀዘን ሳይሆን የራሱን ፍርድ ነው፤ ስለዚህ ይከላከላል፣ ወይም ይጮኻል፣ ወይም በሩን ዘግቶ ይወጣል። ይህን ዓይነት ባል በየሰፈሩ የማያውቅ አንባቢ ጥቂት ነው።

ነገሩ ግን ያለ ገደብ አይሠራም። ሌቪ ቤከር እና ጄምስ መክነልቲ እ.ኤ.አ. በ2011 እንዳሳዩት፣ በተፈጥሮው ኃላፊነት የማይሰማው ወንድ ለራሱ ብዙ ሲራራ የሠራውን ስህተት ለማረም ያለው ተነሳሽነት ይቀንሳል። ራሱን ይቅር ብሎ ጉዳዩን ይዘጋዋል፤ ሚስቱ ግን ገና አልዘጋችውም። ኃላፊነት የሚሰማው ወንድ በተቃራኒው፣ ራሱን ስለማይቀጣ ስህተቱን ፊት ለፊት አይቶ ለማስተካከል ይበረታል። በሴቶቹ ላይ ጉዳቱ አልታየም። ስለዚህ ለራሱ የሚራራ እጮኛ ያገኘች ሴት «ይቅርታ» ካለ በኋላ ምን እንዳደረገ ብትመለከት አታጣም።

ሌላ ጥያቄ ይቀራል። ብቻዋን ደስ ብሏት መኖር የቻለች ሴት ለምን ታገባለች? ወላጆች በግልጽ ባይናገሩትም ይህን ይፈራሉ፤ የራሷን ቤት ከተከራየች፣ ደመወዟ ከበቃት፣ ቅዳሜና እሑድ ከጓደኞቿ ጋር ከተጓዘች «ለመደችው» ይላሉ። በጀርመን አገር ከዓመት ዓመት ተመሳሳይ ቤተሰቦችን እየጠየቀ የሚከታተል ትልቅ ጥናት አለ፤ ብዙ ተመራማሪዎች መረጃውን ተጠቅመዋል። ሪቻርድ ሉካስ እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 ከ24,000 የሚበልጡ ሰዎችን የ15 ዓመት መልስ መረመሩ። ሰርጉ ሰሞን ደስታ ከፍ ይላል፤ ከዚያ በአማካይ ወደ ነበረበት ይመለሳል። አልዊስ ስቱትዘር እና ብሩኖ ፍራይም ከዚሁ መረጃ ተነስተው ከጋብቻው በፊት ያሉትን ዓመታት ሲያዩ፣ ያገቡት ሰዎች ላጤ ሳሉም ሳያገቡ ከቀሩት ይልቅ በሕይወታቸው ደስተኞች ነበሩ። ደስታ ከጋብቻ አያስቀርም፤ እንዲያውም ደስተኞቹ ናቸው ይበልጥ ያገቡት።

ግን አማካይ ብዙ ይደብቃል። በሉካስ ጥናት ውስጥ ካገቡ በኋላ ለዓመታት ከፍ ያለ ደስታ ያላቸው ሰዎች አሉ፤ ዝቅ ያሉም አሉ። ከጋብቻ ብዙ ያላተረፉት አስቀድመው ሕይወታቸው የሞላላቸው ነበሩ፤ ወዳጅ የበዛለት፣ ብቸኝነት የማያጠቃው ሰው ትዳር የሚሞላለት ጉድጓድ ትንሽ ነው። ይህን የሰማች ብቸኛ ሴት ልትል የምትችለው «እንግዲያው ለእኔ ነው የሚጠቅመው» ነው። እውነት አላት፤ የሚጠቅማት ግን ጉድጓዱን የሚሞላ ሰው ካገኘች ነው፤ ያን ሰው የምትመርጠው ደግሞ ከጉድጓዱ ውስጥ ቆማ ነው። ችግሩ ይህ ነው።

በራስ መርካትና ለትዳር ዝግጁ መሆን አንድ አለመሆናቸውም እዚህ ላይ ይታያል። በአሜሪካ የፔርዱ ዩኒቨርሲቲው ክሪስቶፈር አግነው ከቤንጃሚን ሃደን እና ከኬነት ታን ጋር «ዝግጁነት» የሚሉትን ለብቻው አጥንተዋል። የሚጠይቁት ስለ ሰውየው ወይም ስለ ፍቅሩ ጥልቀት ሳይሆን ስለ ጊዜው ነው፤ አሁን ለጸና ግንኙነት ትክክለኛ ሰዓቴ ነው ብለህ ታስባለህ ወይ? እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት ጥናት ዝግጁ ነኝ የሚሉ ሰዎች ከአጋራቸው ጋር የመለያየት ዕድላቸው አነስተኛ ነበር። ይበልጥ የሚገርመው ሌላው ግኝት ነው፤ ለግንኙነታቸው የጸኑ ሰዎችም ቢሆኑ ዝግጁነት ሲጎድላቸው ግንኙነቱን ለማቆየት የሚያስፈልገውን የዕለት ተዕለት ሥራ ዝግጁ ከሆኑት ባነሰ መጠን ነው የሚሠሩት። «ይወደኛል ግን…» የሚለው ዓረፍተ ነገር ብዙውን ጊዜ የሚያልቀው እዚህ ጋ ነው።

ለዝግጁነት መጉደል ምክንያቱ ሁልጊዜ የልብ ጉዳይ አይደለም። በቤይሩት ወይም በሪያድ በሁለት ዓመት ኮንትራት የምትሠራና ደመወዟን ለወንድሞቿ ትምህርት የምትልክ ሴት ራሷን ብትወድም ሰዓቱ ላይሆን ይችላል። የዲቪ ዕጣ የደረሰው ወጣት ሻንጣውን እያዘጋጀ የሚገባው ቃል ኪዳንም እንዲሁ። በቅርቡ የተፋታ፣ ዕዳ ያለበት፣ የታመመ ወላጅ የሚያስታምም ሰው ራሱን መጠየቅ ያለበት «እወዳታለሁ ወይ» ብቻ ሳይሆን «በሚቀጥለው ዓመት ማክሰኞ ማታ የት ነኝ» የሚለውን ጭምር ነው። እርካታና ዝግጁነት ባንድ ላይ ሲኖሩ ሰውየው አይቸኩልም፤ ግን አይሸሽምም።

ይህ ሁሉ ሲባል ለዚያች የባንክ ሠራተኛ ምን ይለወጣል? ፍርሃቱ ጨርሶ የሚጠፋ አይመስልም፤ ጥናቶቹም እንደሚጠፋ አይናገሩም። የሚለወጠው የሚገባበት በር ነው። ስለዚህ በሕዳር አክስቷ ደውላ «አንድ ጨዋ ልጅ አለ፤ ከአሜሪካ ለሦስት ሳምንት መጥቷል፤ ጊዜ የለውም» ስትላት እምቢ አላለችም። ፈርታ ነበርና መፍራቷን ለራሷ አመነች። «እሺ አክስቴ፣ አግኝቼው አያለሁ፤ ግን በሦስት ሳምንት ውስጥ የማልወስነው ነገር ነው» አለቻት። አክስቷ ቅር አላት።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ካፌ ተገናኙ። በሰዓቱ መጣ። ሁለት ሰዓት ተጨዋወቱ፤ ስለ ሥራዋ ጠየቃት፤ ስለ እህቷም። ስለ ራሱ ሲያወራ ከሁለት ዓመት በፊት መፋታቱንና ልጅ እንዳለው ነገራት፤ አክስቷ ይህን አላወቀችም፣ ወይም አልነገረቻትም። ሊሸኛት መኪናውን ሲያነሳ «እናትሽን ነገ ላግኛቸው?» አላት። እሷ ግን ስለ ልጁ ጠየቀችው፤ ስንት ዓመቱ ነው፣ ከማን ጋር ይኖራል፣ በሳምንት ስንት ቀን ታገኘዋለህ? ሰውየው መኪናውን አጠፋና ይነግራት ጀመር።